ማብራሪያ ካርታ መቼ ይወጣል? የታሮት ንባብ ሲምታታ ተጨማሪ ካርታ አወጣጥ

ሦስት ካርታ ተዘርግቶ ሁለቱ ቁልጭ ብለው አንዱ አልገባ ሲል፣ እጅ ሳይታሰብ ወደ ቀሪው ካርታ ይዘረጋል። አንድ ይወጣል፤ እሱም ካልጠራ ሌላ ይደገማል። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛው በካርታ ይሞላል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ማብራሪያ ካርታ የምንለው አስቀድሞ የወጣን አንድ ካርታ ለማፍታታት የሚጨመረውን ነው። በቦታው ሲገባ የተንጠለጠለን ንባብ ይቋጫል፤ ያለቦታው ሲገባ ግን ጥርት ብሎ የነበረውንም ያደፈርሳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ካርታዎች የሚነበቡት እርስ በርስ እየተያያዙ ነው። ሦስት ካርታ ሦስት ጥንድ ብቻ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ካርታ አንድ ማብራሪያ ጨምረው ስድስት ሲያደርጉት ጥንዶቹ 15 ይሆናሉ። ካርታው እጥፍ ሲሆን የሚያያዘው ነገር አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከ15 ግንኙነት ውስጥ የፈለጉትን መልስ የሚሰጥ አንድ አይጠፋም፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው።

እዚህ የምናየው በሦስት ካርታ ንባብ ነው፤ ለጀማሪ የሚስማማው እሱ ስለሆነ። ስዕሎቹም በ1909 የታተመው የራይደር ዌት ካርታ፣ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥራዎች ናቸው።

1. ከመበወዝዎ በፊት ሕጉን ይቁረጡ

ሦስት ነገር አስቀድመው ይወስኑ። ስንት ማብራሪያ ይፈቀዳል? ለሦስት ካርታ አንድ ይበቃል። ከየት ይወጣል? ከቀሪው ካርታ አናት፣ እንደገና ሳይበወዝ ቢወጣ ይሻላል፤ መሃል ገብቶ መምረጥ እጅን ለምኞት ያጋልጣል። ሲበውዙ ዘሎ የወደቀ ካርታስ? አንዳንዶች እንደ መልእክት ይወስዱታል፤ ለማብራሪያ ግን አይሆንም፤ ገና ያልተዘረጋ ነገር አይብራራምና። ወደ ካርታው መልሰው መበወዝዎን ይቀጥሉ።

እነዚህን ካርታው ከወጣ በኋላ መወሰን ዋጋ የለውም፤ ያን ጊዜ ውሳኔውን የሚሰጠው ፍርሃት ወይም ጉጉት ነው።

2. ይዘርጉና ያለ ማብራሪያ ያንብቡት

በውዘው፣ ቆርጠው፣ ሦስቱን ይዘርጉ። ከዚያ የገባዎትን ያህል በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ጎዶሎ ቢሆንም ግድ የለም፤ ያልገባዎትን ቦታ ክፍት ይተዉት። ይህ ወረቀት በኋላ ማብራሪያው መርዳት አለመርዳቱን የሚለካበት ስለሆነ አይዝለሉት።

3. ግራ የገባዎት ምን እንደሆነ ይለዩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ አብዛኛው ሰውም የሚያልፈው ይሄንኑ ነው። "አልገባኝም" የሚለው ስሜት አንድ ይመስላል እንጂ ከአራት የተለያዩ ቦታዎች ይመጣል፤ ከአራቱ ማብራሪያ ካርታ የሚጠይቀው አንዱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የካርታውን ትርጉም በደንብ አለማወቅ ነው። አምስት በትር ወጣ፣ እርስዎም ከአምስት ሰይፍ ጋር ያምታቱታል እንበል። ሌላ ካርታ ማውጣት ይህን አይፈታም፤ አንድ የማያውቁት ሁለት ይሆናል እንጂ። ስዕሉን ረጋ ብለው ይዩት፤ ማን ምን ይዟል፣ ወዴት ይመለከታል፣ ከኋላው ምን አለ? ካልሆነ መጽሐፍ ይክፈቱ። በንባብ መሃል መጽሐፍ መግለጥ ከአላስፈላጊ ካርታ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄው ራሱ ሁለት መሆኑ ነው። "ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልታገስ፣ እሱስ ያገባኛል?" ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚወጣው ካርታ የትኛውን እንደሚመልስ የሚያውቅ የለም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሦስቱም ካርታዎች ለየብቻቸው ይገባሉ፣ አንድ ላይ ግን አልገጥም ይላሉ። መፍትሔው ካርታውን ሰብስቦ ጥያቄውን አንድ አድርጎ እንደገና መጀመር ነው።

ሦስተኛው መልሱን አለመውደድ ነው። ካርታው ገብቶዎታል፣ ግን "እርግጠኛ ነው?" እያሉ ነው። ለመለየት ወረቀቱን ይዩ። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ከሆነና እጅዎ አሁንም ወደ ካርታው ከሄደ፣ የሚፈልጉት ማብራሪያ ሳይሆን ይግባኝ ነው። ለሌላ ሰው ሲያነቡ ደግሞ "እስቲ አንድ ጨምሪልኝ" የሚለው ልመና ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። በአክብሮት እምቢ ማለት ይቻላል፤ የወጣውን በሌላ ቃል ደግመው ያስረዱ።

አራተኛው፣ ማብራሪያ የሚገባው፣ ይኸውና፦ ካርታው ሁለት ትርጉም አለው፣ ሁለቱም ለቦታው ይስማማሉ፣ አንዱ ከሌላው ሲመረጥ ደግሞ መልሱ ይለወጣል። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ፈተናው በጽሑፍ ነው፤ "ይህ ካርታ ወይ ሀ ነው ወይ ለ" ብለው ይጻፉ። ሀ እና ለን መጻፍ ካልቻሉ አያውጡ። ሁለቱን ጽፈው ምክሩ በየትኛውም አንድ ዓይነት ከሆነም አያውጡ፤ ምን ሊያደርግልዎ?

ይህ ሁኔታ በብዛት የሚያጋጥመው በሰው ካርታዎች ነው። ከ78ቱ ካርታዎች 16ቱ ፔጅ፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ ናቸው። አንድ ንግሥት ስትወጣ ጠያቂዋ ራሷ ልትሆን ትችላለች፣ በአካባቢዋ ያለች ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ወይም እንዲሁ ጠባይ ልትሆን ትችላለች።

4. ለማብራሪያው የራሱን ጥያቄ ሰጥተው ያውጡ

"አብራራልኝ" ብቻ ብለው ካወጡ ካርታው ስለምን እንደሚናገር አይታወቅም። ከጻፉት "ወይ ሀ ወይ ለ" ላይ ጠባብ ጥያቄ ይሥሩ። ከዚያ የላይኛውን ካርታ አውጥተው ከሚያብራራው ካርታ ግርጌ፣ ጫፉን በከፊል ሸፍኖት እንዲቀመጥ ያድርጉ። አጠገቡ በመስመር ካስቀመጡት ዓይን አራተኛ ካርታ አድርጎ ያነበዋል፤ ያኔ ንባቡ ሳያስቡት ሌላ ታሪክ ይጀምራል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት "ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የራሳችንን ሥራ ብንከፍት ምን ልጠንቀቅ?" ብላ ጠየቀች እንበል። ቦታዎቹ ያለችበት፣ ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ ምክር ናቸው። ስምንት ሳንቲም፣ የዋንጫ ፈረሰኛ፣ ሁለት ሳንቲም ወጡ።

ስምንት ሳንቲም ላይ አንድ ባለሙያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳንቲም ይቀርጻል፤ ከተማዋ ከኋላው ርቃ ትታያለች። ሙያው በእጇ አለ፣ ገበያው ገና ሩቅ ነው። ሁለት ሳንቲም ላይ አንድ ሰው ሁለት ሳንቲም በአንድ ጥቅልል አስሮ ያንከባልላል፤ ከኋላው መርከቦች በማዕበል ይወጣሉ ይወርዳሉ። ለጊዜው ሁለቱንም ያዢ፣ ደሞዙን ወዲያው አትልቀቂ የሚል ምክር ነው። እስከዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም።

መሃሉ ላይ ግን የዋንጫ ፈረሰኛ በዝግታ በሚራመድ ፈረስ ላይ ዋንጫ ወደፊት ዘርግቶ ይመጣል። ወይ ሀ፦ ግብዣውን ይዞ የመጣው ባልደረባዋ ነው፤ ወይ ለ፦ በሐሳቡ የተማረከችው እሷ ራሷ ናት። ሀ ከሆነ ውሉን፣ ለ ከሆነ የራሷን ስሌት ነው የምትመረምረው። ምክሩ ይለያያል፣ ስለዚህ ይወጣል። ጥያቄውም "ጥንቃቄው ከሚቀርብላት ነገር ነው ወይስ ከራሷ ጉጉት?" ይሆናል።

ስድስት ሳንቲም ወጣ። አንድ ባለጸጋ በአንድ እጁ ሚዛን ይዞ በሌላው ለተንበረከኩ ሁለት ሰዎች ሳንቲም ይሰጣል። ሰጪና ተቀባይ አሉ፣ ሚዛኑም በአንድ ሰው እጅ ነው። መልሱ ወደ ሀ ያደላል፦ ግብዣው የባልደረባዋ ነው፣ መታየት ያለበትም ገንዘቡን ማን ያከፋፍላል የሚለው ነው። ስድስት ሳንቲም ብቻውን ልግስና ተብሎ ሊነበብ ይችል ነበር፤ እዚህ ግን የተቀመጠው ጥንቃቄ በሚፈልግ ካርታ ሥር ስለሆነ ዓይናችን ሚዛኑ ላይ ያርፋል። ማብራሪያ ካርታ ሁልጊዜ በሚያብራራው ካርታ ቦታ ውስጥ ይነበባል፣ የራሱ ቦታ የለውም።

አሁን ጠያቂዋ ደንግጣ "ያጭበረብረኛል ማለት ነው?" ብላ ሌላ ካርታ አስጨመረች፣ ጨረቃ ወጣች እንበል። ጨረቃ ብዥታና ፍርሃት ናት፤ የሷን ድንጋጤም የሱን ድብቅነትም ልትል ትችላለች። ተመልሰን ሀ ወይስ ለ ላይ ወደቅን። ይህች ካርታ ያብራራችው ፈረሰኛውን ሳይሆን ስድስት ሳንቲምን ነው። ማብራሪያን ማብራራት ሲጀመር ንባቡ ከጥያቄው ወጥቷል፤ እዚያ ላይ ይቁም።

5. የወጣው ማብራሪያ ራሱ ካልገባስ?

ለሰው ካርታ ማብራሪያ ሲያወጡ ሌላ የሰው ካርታ የሚመጣበት ዕድል ትንሽ አይደለም። በምሳሌያችን ከቀሩት 75 ካርታዎች 15ቱ እነሱ ናቸው፤ ከአምስት አንዴ ማለት ነው። ያኔ ሌላ አይጨምሩ። ሁለቱን እንደ ሁለት ሰዎች ያንብቧቸው፤ ይተያያሉ ወይስ ጀርባ ተሰጣጥተዋል?

ከ22ቱ ታላላቅ ካርታዎች አንዱ ሲወጣ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ግንብ ወይም ሞት በማብራሪያነት ሲመጣ ንባቡን ሁሉ ሊውጠው ይፈልጋል። ክብደቱን አንድ ካርታ ላይ ብቻ ያሳርፉት፤ የሌሎቹን ሁለት ካርታዎች ንባብ አይለውጥም።

6. ወረቀቱን መልሰው ይዩ

መጀመሪያ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር አውጥተው ክፍቱን ቦታ ይሙሉ። የተለወጠው ያ ቦታ ብቻ ከሆነ ማብራሪያው ሠርቷል። የምሳሌያችን "ሙያው አለሽ፣ ... ተጠንቀቂ፣ ደሞዝሽን ወዲያው አትልቀቂ" የሚለው "የገንዘብ ክፍፍሉን በውል ሳታስሪ እንዳትገቢ" በሚል ተሞላ፤ ሌላው እንዳለ ነው። አዲሱን ካርታ ለማስገባት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር፣ አዲስ ሰው ወይም አዲስ ጉዳይ መጨመር ካስፈለገዎት ግን ጫጫታ ነው። ያንን ካርታ ይመልሱትና በሦስቱ ይጨርሱ።

ስለ አሥር ካርታው ዝርግ

በኬልቲክ መስቀል ማብራሪያ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው፤ ዝርጉ ማብራሪያዎቹን በውስጡ ይዟል። ሁለተኛው ካርታ አንደኛውን ያቋርጣል፤ ሰባተኛው ጠያቂው ራሱ፣ ስምንተኛው በዙሪያው ያሉት፣ ዘጠነኛው ተስፋና ፍርሃቱ ነው። አንድ ንጉሥ ማን እንደሆነ ካልገባዎት መጀመሪያ ሰባትንና ስምንትን ያነጻጽሩ።

የሚቀረው የአሥረኛው፣ የመጨረሻው ካርታ ነገር ነው። እሱ ሳይጠራ ሲቀር የራይደር ዌት ካርታን ያሰናዳው አርተር ኤድዋርድ ዌት ራሱ የመከረው ካርታ መጨመርን አልነበረም። አሥረኛውን ካርታ ወስዶ ጠያቂውን ወይም ጉዳዩን የሚወክል መነሻ ማድረግ፣ ቀሪውን በውዞ ሦስት ጊዜ መቁረጥ፣ ከዚያ አሥሩን እንደ አዲስ መዘርጋት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን እያንዳንዱ አዲስ ካርታ የታወቀ ቦታ ስላለው የሚንሳፈፍ ካርታ አይኖርም። ከመሰብሰብዎ በፊት የመጀመሪያውን ዝርግ ፎቶ ያንሱት፤ ሁለተኛው ሲወጣ የትኞቹ ካርታዎች እንደተመለሱ ማየት ይፈልጋሉ።