ከውጭ በተላከልዎ ዕቃ ላይ የተተመነውን ዋጋ ሲቃወሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ከውጭ አገር ካርቶን የሚላክላቸው ቤተሰቦች አሉ። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው የቀረጥ ጥያቄ ግን ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወይ የተባለውን ከፍሎ ይወጣል፣ ወይ ተቆጥቶ ዕቃውን መጋዘን ውስጥ ትቶት ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፤ ቀረጡ የተሰላበት ዋጋ ከልክ በላይ ሲሆን ትመናውን መቃወም የሚፈልግ ሰው ስለሚሠራቸው ስህተቶች። ነገሩን በጉልህ የሚያሳየው ሰነዶቻቸውን አብሬ ያገላበጥኩላቸው የአንዲት የአራዳ አካባቢ እናት ጉዳይ ነው። ዴንቨር የምትኖር ልጃቸው ያገለገለ የቤት ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ልካላቸው፣ ዕቃው አዲስ አበባ ሲደርስ ማጓጓዣውን ጨምሮ 60,000 ብር ዋጋ ተተመነለት።

የመጀመሪያው ስህተት የሚጠየቀውን ገንዘብ ብቻ ተመልክቶ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ ነው። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በማጓጓዣውና በመድን ወጪው ድምር ላይ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ በሚገኘው ላይ ይሰላል። ስሌቱን ለማሳየት ያህል ቀረጡን 20 በመቶ እናድርገውና ሌሎቹን ግብሮች ለጊዜው እንተዋቸው። በ60,000 ብር ላይ ቀረጡ 12,000 ብር ይሆናል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በ72,000 ብር ላይ በ15 በመቶ ሲሰላ 10,800 ብር ይሆናል፤ በድምሩ 22,800 ብር ማለት ነው። እንግዲህ በትመናው ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ 100 ብር 38 ብር ያስከፍላል። ስለዚህ ከመክፈልም ሆነ ከመከራከር በፊት ዕቃው ለጉምሩክ የተገለጸበትን ሰነድ፣ ማለትም ዲክላራሲዮኑንና የስሌቱን ዝርዝር በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል፤ የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣው፣ የምንዛሪው መጠንና ዕቃው ለቀረጥ የተመደበበት የታሪፍ ቁጥር ተለይተው መታየት አለባቸው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ ዋጋው በዶላር ተገቢ ሆኖ ሳለ ብሩ ብቻ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ክርክሩ የትመና ክርክር አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የሚፈጸመው ላኪው ዘንድ ነው። ዘመድ ለእኛ አስቦ የ200 ዶላሩን ዕቃ 10 ዶላር ብሎ ይጽፋል፣ ወይም «ስጦታ» የሚል ቃል ይጨምርበታል። ስጦታ የሚለው ቃል በራሱ ከቀረጥ ነፃ አያደርግም። ያለ ቅጥ ዝቅ ብሎ የተጻፈው ዋጋ ደግሞ በኋላ የሚቀርበውን እውነተኛ ደረሰኝ ሳይቀር አጠራጣሪ ያደርገዋል።

ከሁሉም የሚከብደው፣ ብዙም የማይታወቀው ስህተት ግን ደረሰኙን እንደ መጨረሻ ማስረጃ መቁጠር ነው። የጉምሩክ ዋጋ አወሳሰን በቅደም ተከተል የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው የግብይት ዋጋው፣ ማለትም ዕቃው ወደ አገር ለመግባት ሲሸጥ ገዥው የከፈለው ወይም የሚከፍለው ዋጋ ነው። ስጦታ ላይ ግን በላኪና በተቀባይ መካከል ሽያጭ የለም። ልጅቱ ዴንቨር ከአንድ ሰው የገዛችበት ደረሰኝ በእርሷና በሻጩ መካከል የተደረገ ግዢ ማሳያ እንጂ ለእናቷ የተደረገ ሽያጭ ማሳያ አይደለም። ስለዚህ የጉምሩክ ባለሙያው ወደሚቀጥሉት ዘዴዎች ማለፉ ጥፋት አይደለም። ቀድሞ ወደ አገር የገባ ልክ አንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋ ይፈለጋል፤ ያ ካልተገኘ የተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ይኬዳል። «ደረሰኝ እያለኝ እንዴት አልተቀበሉኝም» ብሎ እዚያው ላይ መቆም ጉዳዩን ያዳክመዋል። የሚያዋጣው ጥያቄ «የኔ ዕቃ ከየትኛው ዕቃ ጋር ተነጻጸረ?» የሚለው ነው።

የእኚያ እናት ጉዳይም የተፈታው በዚህ ጥያቄ ነበር። ውክልና ይዞ የሄደው የእህታቸው ልጅ ሲጠይቅ፣ ባለሙያው «ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የስፌት ማሽን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለው። ማነጻጸሪያ ሆኖ የተወሰደው ስክሪን ያለው፣ ጥልፍ በኮምፒውተር የሚጠልፍ አዲስ ማሽን ነበር። የእርሳቸው ደግሞ የስፌቱ ዓይነት በእጅ በሚዞር ቁልፍ የሚመረጥበት፣ ቀለሙ መርፌው አጠገብ የተላጠ ተራ ማሽን ነው። ልጁ የማሽኑን ሆድ ገልብጦ፣ የሞዴልና የመለያ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ትንሽ ሳህን በስልኩ አነሳው፤ የተላጠውንና የዛገውን ክፍልም ለየብቻ አነሳ። የታሪፍ ቁጥሩንም አብሮ አጣራ፤ የቤት ውስጥ ማሽን 8452.10 ሥር ሲመደብ የፋብሪካው ዓይነት ሌላ ንዑስ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ማነጻጸሪያውም አብሮ ይሳሳታል።

እዚህ ላይ የጎንደር ገበያን ዋጋ ይዞ መቅረብም ሌላው ስህተት ነው። «አራዳ ገበያ ይኸው ማሽን በዚህ ይሸጣል» የሚለው ክርክር እንዳለ አይወሰድም። አገር ውስጥ የተሸጠበት ዋጋ ለትመና የሚያገለግለው ከውስጡ የነጋዴው ትርፍ፣ የአገር ውስጥ ማጓጓዣውና የተከፈለው ቀረጥና ግብር ሲቀነስ ነው፤ ያንን ሳያሰሉ ማቅረብ ጊዜ ማባከን ነው።

አቤቱታን በቃል ማቅረብም እንዲሁ። በመስኮት የተነገረ ቅሬታ ነገ ማስረጃ አይሆንም። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የዲክላራሲዮኑን ቁጥር፣ የተተመነውን ዋጋ፣ ስህተት ነው የሚሉትን አንድ ነጥብና የሚጠይቁትን ዋጋ በቁጥር ይግለጽ፤ ሥዕሎቹና ደረሰኙ ይያያዙበት። ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤት አይውጡ፤ ምክንያቱም በጉምሩክ የቅሬታ ደረጃ ያልተፈታ ጉዳይ ወደ ፌዴራል የግብር ይግባኝ ኮሚሽን ሲሄድ ጊዜው የሚቆጠረው በሰነድ ነው። የውክልናው ቃልም ዕቃ መረከብን ብቻ ሳይሆን ቅሬታና ይግባኝ ማቅረብን በግልጽ ይጥቀስ፤ አለዚያ ተወካዩ አዲስ አበባ ደርሶ ለአንድ ዐረፍተ ነገር ሲል ወደ ጎንደር ይመለሳል።

በመጨረሻ የማነሳው ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃውን መጋዘን ውስጥ መተው ነው። የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል፤ በሕግ የተወሰነው ጊዜ ካለፈ ደግሞ ዕቃው እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል። ትመናው እስኪጣራ አከራካሪውን ገንዘብ በማስያዣ አቅርቦ ዕቃውን መረከብ ይቻል እንደሆነ በዚያው ማመልከቻ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሳይቃወሙ ከፍሎ መውሰድና ተቃውሞን በጽሑፍ አስመዝግቦ በማስያዣ መውሰድ የተለያዩ ናቸው።

እኚያ እናት የጠየቁት ዋጋ በደረሰኙ መሠረት ለማሽኑ 14,000 ብር፣ ለማጓጓዣው 9,000 ብር፣ በድምሩ 23,000 ብር ነበር። ያንን አላገኙም። ጽሕፈት ቤቱ ማነጻጸሪያውን ወደ ተራ የቤት ውስጥ ማሽን ቀይሮ፣ ማርጀቱንም ተመልክቶ ማሽኑን 22,000 ብር አለው፤ ማጓጓዣውን ጨምሮ 31,000 ብር ሆነ። ከላይ ባሳየሁት ስሌት ብንሄድ የሚከፈለው ከ22,800 ብር ወደ 11,780 ብር ወረደ ማለት ነው። ልጃቸው ቀጣዩን ካርቶን ስትልክ የሞዴል ቁጥሩን፣ ያገለገለ መሆኑንና ትክክለኛውን ዋጋ ከላዩ ላይ ጽፋበታለች።