ቢምፎርሚንግ እና መልቲ ዩዘር ማይሞ፦ ለቤትዎ ይጠቅሙ እንደሆነ እንዴት ለክተው ይወስናሉ

አክስቴ ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ ውስጥ ይኖራሉ። ኢንተርኔቱ የሚገባው በፋይበር ሲሆን፣ ፍጥነቱ 25 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ልጃቸው የሚያጠናው ከግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ቪዲዮ ተከፍቶ አያልቅም። አንድ ሻጭ «ቢምፎርሚንግና መልቲ ዩዘር ማይሞ ያለው ባለ አራት አንቴና ራውተር ይግዙ፣ ችግሩ ይፈታል» ብሏቸው ኖሮ፣ ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። ያደረግነውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ ማንኛውም ሰው በስልኩና በላፕቶፑ ሊደግመው ይችላል።

በመጀመሪያ፣ ሁለቱ ነገሮች ምን እንደሚሠሩ ይረዱ

በክረምት ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና ሲገፋ አንድ ሰው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ የሚቆጥረው፣ የገፊዎቹ ጉልበት በአንድ ቅጽበት እንዲያርፍ ነው። አራት ሰዎች በየራሳቸው ጊዜ ቢገፉ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ቢምፎርሚንግ ይህንኑ በሬዲዮ ሞገድ ላይ ይሠራል። ራውተሩ አንዱን መልእክት ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ አንቴናዎች ይልካል፤ ከአንዱ አንቴና የሚወጣውን ሞገድ ከሌላው በጥቂቱ ያዘገየዋል ወይም ያስቀድመዋል፤ በዚህም ሞገዶቹ እርስዎ ስልክዎን ይዘው በተቀመጡበት ቦታ ላይ ከፍታ ከከፍታ፣ ዝቅታ ከዝቅታ ገጥመው እንዲደመሩ ያደርጋል። በሌላ ቦታ ግን የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ይገናኝና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

ራውተሩ ስልኩ የት እንዳለ አያይም። የሚያውቀው ስልኩ ሲነግረው ብቻ ነው፦ ራውተሩ አጭር የመለኪያ ምልክት ይልካል፣ ስልኩም ከእያንዳንዱ አንቴና ምልክቱ እንዴት እንደደረሰው ለክቶ ውጤቱን መልሶ ይልካል። ስለዚህ ቢምፎርሚንግ የሁለት ወገን ስምምነት ነው፤ ስልኩ ይህን መልስ መላክ ካልቻለ፣ የራውተሩ ችሎታ በአብዛኛው ሳይሠራ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው የዋይፋይ 4 ደረጃ መለኪያውን የሚለዋወጡባቸውን በርካታ መንገዶች ስለፈቀደ፣ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች ብዙ ጊዜ አይግባቡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዋይፋይ 5 አንድ መንገድ ብቻ በመምረጡ ችግሩ ተቃለለ፤ ነገር ግን ዋይፋይ 5 የሚሠራው በ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ላይ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ በአክስቴ ቤት ወሳኝ ሆኖ ስለሚመለስ ልብ ይሏል።

ቢምፎርሚንግ ከአንቴናዎቹ ዘንጎች መዞር ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። አቅጣጫው የሚወሰነው በሞገዶቹ ጊዜ አቆጣጠር እንጂ ዘንጉን ወደ ሰርቪስ ቤቱ በማዘንበል አይደለም።

መልቲ ዩዘር ማይሞ ይህንኑ ስልት አንድ እርምጃ ያራምደዋል። በተለመደው ዋይፋይ ራውተሩ በአንድ ቅጽበት የሚያነጋግረው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። በመልቲ ዩዘር ማይሞ ግን ራውተሩ ለሁለት ስልኮች የተለያየ መልእክት በአንድ ጊዜ ይልካል፦ የመጀመሪያው ስልክ መልእክት በሁለተኛው ስልክ ቦታ ላይ እንዲጠፋፋ፣ የሁለተኛውም በመጀመሪያው ቦታ ላይ እንዲጠፋፋ አድርጎ ያሰላዋል። ስሌቱ እጅግ ስስ ነው። በ5 ጊጋ ኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስልኩን ይዞ ከሶፋው መነሳት ብቻ የቀደመውን ልኬት ያበላሸዋል። ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ከተቀመጡም ራውተሩ ለመለየት ይቸገራል። በዋይፋይ 5 ደግሞ ይህ የሚሠራው ከራውተሩ ወደ ስልኮቹ በሚሄደው መልእክት ብቻ ነው፤ ስልኮቹ በአንድ ጊዜ የሚልኩበት መንገድ የመጣው ከዋይፋይ 6 ጋር ነው።

ቀጥሎ፣ ማነቆው የት እንዳለ ይለኩ

ሁለት ቁጥሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ የሚያሳየው የኢንተርኔቱ ፍጥነት ነው። ሁለተኛው በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለው የአየሩ ፍጥነት ሲሆን፣ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች የዋይፋዩን ስም ሲነኩ Link speed በሚል ይታያል። ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ደግሞ ይህን ትእዛዝ ይጻፉ፦

```
netsh wlan show interfaces
```

ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ Receive rate የአየሩን ፍጥነት፣ Channel ደግሞ የሞገዱን መስመር ይነግራል። መስመሩ ከ1 እስከ 13 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ2.4፣ ከ36 ጀምሮ ከሆነ በ5 ጊጋ ኸርዝ ላይ ነዎት። ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ በእያንዳንዱ ቦታ አምስት ጊዜ አንብበው መካከለኛውን ይያዙ።

በአክስቴ ቤት በልጃቸው ስልክ ለካን። ሳሎን ውስጥ የአየሩ ፍጥነት 433፣ ኢንተርኔቱ 24 ሆነ። ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ በኋላ ባለው መኝታ ቤት አየሩ ወደ 130 ወረደ፣ ኢንተርኔቱ ግን ያው 24 ነበር። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ስልኩ 5 ጊጋ ኸርዙን ትቶ ወደ 2.4 ተሻገረ፤ አየሩ 14፣ ኢንተርኔቱ 6 ብቻ ሆነ።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። የአየሩ ፍጥነት ለመለኪያ፣ ለተራ መጠበቂያና ለማረጋገጫ የሚውለውን ጊዜ ስለማይቀንስ፣ በተግባር የሚገኘው ከግማሽ ብዙም ያልራቀ ነው። ሳሎን ውስጥ ያለው 433 በተግባር 250 ያህል ይሆናል እንበል። ከውጭ የሚገባው 25 ስለሆነ፣ ሁሉም ሰው በአንድነት መስመሩን ቢጠቀምበት እንኳን አየሩ የሚያዘው ከአሥር አንድ እጁን ነው፤ ዘጠኝ እጁ ባዶ ነው። መልቲ ዩዘር ማይሞ የሚያድነው የአየር ጊዜን ነው። ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን እንዲሄድ መፍቀድ የደራሹን ሰዓት አያሳጥርም። በዚህ መስመር ላይ ላለ ቤት ስለ መልቲ ዩዘር ማይሞ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ማሸጊያው ላይ ስለተጻፈ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም። በቤት ውስጥ ከራሱ ማኅደር ለብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያከፋፍል ወይም ብዙ መቶ ሜጋ ቢት የሚገባለት የእንግዳ ማረፊያ ቢሆን ነገሩ ይለያል።

የአንቴናዎቹም ቁጥር ያሳስታል። ኤሲ 1200 የሚል ምልክት ያለበት ባለ አራት ዘንግ ራውተር በአብዛኛው ሁለቱን ለ2.4፣ ሁለቱን ለ5 ጊጋ ኸርዝ ያውላቸዋል። ስለዚህ በ5 ላይ በአንድ ጊዜ ሊያስተናግድ የሚችለው ቢበዛ ሁለት ስልኮችን ነው።

ቢምፎርሚንግን አጥፍተውና አብርተው ይሞክሩ

ነባሩ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ቢምፎርሚንግ አለው። በማስተካከያ ገጹ የዋይፋይ ክፍል ውስጥ Beamforming የሚለውን ያጥፉት፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይለኩ፣ ከዚያ አብርተው ስልኩን ሳያነሡ እንደገና ይለኩ። ሁለት አንቴና ያለው ራውተር ጠቅላላ ኃይሉን ሳይጨምር በንድፈ ሐሳብ ምልክቱን በእጥፍ ሊያጎላ ይችላል። እጥፍ ብዙ ይመስላል፤ በዋይፋይ የፍጥነት መሰላል ላይ ግን አንድ እርከን ገደማ ነው።

በእኛ መኝታ ቤት የታየውም ይኸው ነው፦ 130 የነበረው ሲበራ በአብዛኛው 195 ሆነ። ሳሎን ውስጥ ምልክቱ ከመጀመሪያው የመጨረሻው እርከን ላይ ስለነበር ለውጥ አልታየም። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥም አልታየም፤ ስልኩ በ2.4 ላይ ስለሆነ የዋይፋይ 5 ቢምፎርሚንግ አይደርስበትም። ጥቅሙ የሚገኘው መካከለኛ ርቀት ላይ ነው፤ ይህ ቤት ደግሞ የተቸገረው በዚያ ርቀት አይደለም። በሳሎኑና በሰርቪስ ቤቱ መካከል ፌሮ ያለው የኮንክሪት ግድግዳ፣ የብረት በርና ግቢው አሉ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ብቻውን ከደረሰው ምልክት ብዙ ጊዜ ከአሥር ዘጠኝ እጁን ወይም የበለጠውን ያስቀራል፤ ሁለት አንቴናዎች የሚጨምሩት እጥፍ ይህን አይመልሰውም።

ችግሩን በኬብል ይፍቱት

ከሳሎኑ እስከ ሰርቪስ ቤቱ 28 ሜትር ነበር። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ርቀቱ አያሳስብም። ለውጭ የሚሆን ካት 6 ኬብል ገዝተን፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገን መሬት ቀበርነው፤ ከመብራት ሽቦ ጋር አብሮ መስቀል አይገባም። ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ የተጣለውን አሮጌ ራውተር አወጣን።

አሮጌው ራውተር ከኬብሉ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ለብቻው ይስተካከላል። መጀመሪያ አድራሻውን ከዋናው ራውተር አድራሻ ጋር እንዳይጋጭ ይቀይሩ፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ለዚህኛው 192.168.1.2 ይስጡት፣ ይህ አድራሻ ግን ዋናው ራውተር ለስልኮች ከሚያድላቸው ውጭ መሆኑን ያረጋግጡ። የዋይፋይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንደ ሳሎኑ ያድርጉ፣ መስመሩን ግን ከሳሎኑ የተለየ ይምረጡ። በመጨረሻ ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን፣ DHCP የሚለውን ያጥፉ። ከዚያ ኬብሉን WAN ከሚለው ቀዳዳ ሳይሆን LAN ከሚሉት በአንዱ ይሰኩ።

ስልኩ ተገናኝቶ አድራሻ ለመቀበል ሲጠብቅ ከቆየ፣ ኬብሉ WAN ውስጥ መሰካቱን ይጠርጥሩ። አንዳንዱ ስልክ ሠርቶ ሌላው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» ካለ ደግሞ፣ DHCP ሳይጠፋ ቀርቶ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ እያደሉ ሊሆን ይችላል።

ሲያልቅ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የአየሩ ፍጥነት 72፣ ኢንተርኔቱ 24 ሆነ። አሮጌው ራውተር ቢምፎርሚንግም መልቲ ዩዘር ማይሞም የለውም፤ ስልኩ ከእርሱ የራቀው ግን ሁለት ሜትር ብቻ ነው። አክስቴ «እንግዲያው የሳሎኑን ራውተር ቢምፎርሚንግ ላጥፋው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። Beamforming እንደበራ ይቆይ አልኳቸው፤ መኝታ ቤቱን ይረዳልና። የመልቲ ዩዘር ማይሞው፣ MU-MIMO የሚለውም ቢበራ ጉዳት የለውም፤ አንድ የቆየ ስልክ ወይም ፕሪንተር በየጊዜው የሚቋረጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ MU-MIMO የሚለውን አጥፍተው ይሞክሩ።