የሦስት ሰዓት ላይቭን ወደ 40 ደቂቃ ክፍል ማሳጠር

ጅማ ላይ ሦስት ሰዎች ስለ ጀንፈል ቡና አደራረቅ ያወሩበት የሦስት ሰዓት ላይቭ አላችሁ እንበል። እንዳለ ብትለጥፉት ጨርሶ የሚያየው ሰው አይኖርም። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ «ይሰማል? ይሰማል?» ነው። ከዚያ ከአጋሮና ከዱባይ ለገቡት ሁሉ በየስማቸው ሰላምታ አለ።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ቅጂ ያዙ። ላይቩን ያስተላለፈው ኮምፒውተር እዚያው ቀድቶ ከሆነ፣ ከዩቲዩብ የወረደውን ተዉትና በእሱ ሥሩ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የሚጎዳው ለተመልካች የሄደው ነው። በስልክ የገባ እንግዳ ካለ ግን የእሱ ድምፅ በሁለቱም ላይ ይቆራረጣል። የከንፈርና የድምፁን መግጠም መጀመሪያው ላይም መጨረሻው ላይም እዩ። መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ካልገጠመ ችግሩ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱ መዋዠቅ ነው። HandBrake በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላይ Constant Framerate መርጣችሁ ቀይሩት።

አሁንም መቀስ አታንሱ። ወረቀት ይዛችሁ ቪዲዮውን በ1.5 ፍጥነት እዩት፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱንና የሚመለሰውን ጥያቄ ጻፉ። «ስለ ቡና አወሩ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «1:10፦ ቡናው ለምን ይሻግታል?» ብላችሁ ጻፉ። 2:18 ላይ አንድ ተመልካች ያንኑ ጠይቆ፣ እንግዳው «ማድረቂያ አልጋው ላይ ወፍራም አድርገህ ስታሰጣው የታችኛው አየር አያገኝም» ብሎ ከፊተኛው የተሻለ መልስ ይሰጣል። ይህን ወረቀቱ ባይኖር አታገኙትም።

ቀጥሎ ትልልቁን ጣሉ፤ የድምፅ ሙከራውን፣ ሰላምታውን፣ ኔትወርክ የጠፋበትን። የ2:18ቱን መልስ ከ1:10ሩ አጠገብ አምጡት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እንግዳው «ቅድም እንዳልኩት» ካለና ያ «ቅድም» ከተቆረጠ፣ ተመልካቹ ግራ ይገባዋል። ሙሉ የነበረው ስኒ ድንገት ባዶ ሲሆንም ያስታውቃል። መገጣጠሚያውን በቡና ማድረቂያ አልጋ ምስል ሸፍኑት።

ዝምታ የሚጠረገው ከዚህ በኋላ ነው። ዝምታን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ ጊዜ ይቆጥባል፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቅለትም። ቃል ሲፈለግ የጠፋውን ሁለት ሰከንድ ወደ ግማሽ ሰከንድ አውርዱት። ከከባድ ጥያቄ በኋላ ያለችውን ዝምታ አትንኳት፣ እንግዳው እያሰበ ነው። ትንፋሽን መሃል ላይ አትቁረጡ፤ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

ምዕራፎቹን መጨረሻ ላይ ጻፉ፤ አንድ ነገር በቆረጣችሁ ቁጥር ሰዓቱ ይዛወራል። ዩቲዩብ መግለጫው ላይ እንዲህ ይገባል፦

```
0:00 ቡናው ለምን ይሻግታል?
9:40 ስንት ቀን ይሰጣ?
21:15 ዝናብ ቢመጣስ?
31:05 መድረቁ በምን ይታወቃል?
```

ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ከለጠፋችሁ በኋላ ምዕራፎቹ ካልታዩ መጀመሪያ የላይኛውን መስመር እዩ። ከ0:00 ካልጀመረ አንዱም አይወጣም።