«x ትንሽ ነው» ብለን ስንሳሳት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

እዚህ ደሴ ከማስጠናቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ በቀደም ደብተሯን ገልጣ መጣች። «ቲቸር፣ ከነበረው አሲድ በላይ ተከፈለብኝ» አለችኝ። ጥያቄው ስለ አሴቲክ አሲድ ነው፤ አቼቶን የሚያኮመጥጠው አሲድ። አሲዱ በውሃ ውስጥ ምን ያህል ወደ አዮን እንደሚከፈል የሚናገረው ቁጥር፣ Ka፣ 1.8×10⁻⁵ ነው። መጀመሪያ የነበረው ኮንሰንትሬሽን 1.0×10⁻⁵ M ነው። የእሷ መልስ ደግሞ `[H+]` = 1.3×10⁻⁵ M ይላል።

አስር ብር ይዞ ገበያ የገባ ሰው አስራ ሦስት ብር ከፈልኩ እንደማለት ነው። አብሽሪ፣ ካልኩሌተሩን በደንብ ነክተሽዋል አልኳት። ስህተቱ ከካልኩሌተሩ በፊት ነበር።

ምልክት 1፦ x ከመነሻው በለጠ

ይሄኛው ራሱን የሚያጋልጥ ምልክት ነው። C መጀመሪያ የነበረው ኮንሰንትሬሽን ነው፣ x ደግሞ ከእሱ የተከፈለው፣ ማለትም `[H+]`። የሠራችው ይህን ነበር፦

```
Ka = x² / (C − x)
Ka ≈ x² / C
x ≈ √(Ka·C) = √(1.8×10⁻¹⁰) = 1.3×10⁻⁵
```

ሁለተኛው መስመር ላይ ከ`C − x` ውስጥ x ን ጣለችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ትንሽ ስለሆነ» አለች። እውነትም 0.000013 ትንሽ ቁጥር ነው። ግን ከምን አንጻር? ከሐይቅ አንድ ጣሳ ውሃ ብንቀዳ ሐይቁ ምንም አይጎድልም። ያንኑ ጣሳ ከአንድ ማሰሮ ብንቀዳ ግን ጉድለቱ በዓይን ይታያል። ጣሳው አልተለወጠም፣ የተቀዳበት ዕቃ ነው የተለወጠው። x ን መጣል የሚቻለው C ለ x ሐይቅ ሲሆንለት ብቻ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ይሄ ነው። ይህንኑ አሲድ ውሃ እየጨመርን እናቅጥነው። C 0.10 M ሲሆን x ን በሚጥለው አቋራጭ x 1.3×10⁻³ ይወጣል። C ን ወደ 0.0010 ስናወርደው x 1.3×10⁻⁴ ይሆናል። ወደ 1.0×10⁻⁵ ስናወርደው ደግሞ 1.3×10⁻⁵። x በየጊዜው እያነሰ ነው፤ ስለዚህ መጣሉ ይበልጥ የሚያዋጣ ይመስላል። ግን C መቶ እጥፍ ሲቀንስ x የሚቀንሰው አስር እጥፍ ብቻ ነው፤ C ስኩዌር ሩት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የ x ድርሻ ከ1.3 በመቶ ወደ 13 በመቶ፣ ከዚያም ከመቶ በላይ ይዘላል። ኬሚስትሪውም ይሄንኑ ይላል፦ ውሃ በበዛ ቁጥር አዮኖቹ ይራራቃሉ፣ ተመልሰው የመገናኘት ዕድላቸው ይቀንሳል፣ ከአሲዱ ውስጥ ተከፍሎ የሚቀረው ድርሻ ይጨምራል።

ምልክት 2፦ መልሱ ደህና ይመስላል፣ ግን አይደለም

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መካከለኛው ነው፣ 0.0010 M። በአቋራጩ x = 1.34×10⁻⁴ ይወጣል። ከመነሻው ያነሰ ነው፣ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ተማሪው ክብ አድርጎበት ያልፋል።

እንዲህ ዓይነቱን የሚያጋልጠው መልሱን ወደ መጀመሪያው ቀመር መመለስ ነው፣ ምንም ሳይጣል። 1.34×10⁻⁴ ን በ x ቦታ ብናስገባ 2.1×10⁻⁵ ይወጣል። የተሰጠን Ka ግን 1.8×10⁻⁵ ነበር። አልገጠመም፣ ስለዚህ መልሱ ገና ኢኩሊብሪየም ላይ አልደረሰም። በ0.10 M መልስ ላይ ይህንኑ ብናደርግ ግን ተጠጋግቶ 1.8×10⁻⁵ ይመጣል።

መፍትሄው፦ x ን ሳይጥሉ መፍታት

ቀመሩን ብንዘረጋው ኳድራቲክ ነው፦

```
x² + Ka·x − Ka·C = 0
x = (−Ka + √(Ka² + 4·Ka·C)) / 2
```

የመጨረሻው ቁጥር ምልክት ኔጌቲቭ መሆኑን ልብ በሉ። ደብተር ሳርም በብዛት የማገኘው ስህተት እዚያ ላይ ፕላስ መጻፍ ነው። ያኔ ስኩዌር ሩቱ ውስጥ ኔጌቲቭ ይገባና ካልኩሌተሩ ኤረር ይላል፣ ወይም ሁለቱም መልሶች ኔጌቲቭ ይወጣሉ። በትክክል ከተጻፈ ግን አንዱ መልስ ኔጌቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ ነው። ኔጌቲቭ ኮንሰንትሬሽን የሚባል ነገር ስለሌለ የምንይዘው ፖዘቲቩን ነው።

ለ0.0010 M ስናሰላ ሩቱ ውስጥ 7.23×10⁻⁸ ይገባል፣ ሩቱ 2.69×10⁻⁴ ይሆናል። ከዚያ 0.18×10⁻⁴ ቀንሰን ለሁለት ስናካፍል x = 1.25×10⁻⁴ ይወጣል። አቋራጩ ወደ 7 በመቶ አብዝቶ ነበር። pH ከ3.87 ወደ 3.90 ተስተካከለ። ለልጅቷ ጥያቄ ደግሞ x = 7.2×10⁻⁶ ሆነ። ከአሲዱ 72 በመቶ ያህሉ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ብዙ ነው፣ ግን ከነበረው አይበልጥም።

ሳይጀምሩ እንዴት ይታወቃል?

C ን ለ Ka ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ400 በላይ ከሆነ አቋራጩን ተጠቀሙ፣ ካነሰ በቀጥታ ወደ ኳድራቲክ ሂዱ። 0.10 ለ 1.8×10⁻⁵ ሲካፈል 5,600 ገደማ ነው፣ ያልፋል። 0.0010 ሲሆን 56 ገደማ ነው፣ ይወድቃል። 400 ከየት መጣ? x ከ C 5 በመቶ እንዳይበልጥ ከሚለው የተለመደ ገደብ ነው፤ 1 ለ 0.05 ተካፍሎ ስኩዌር ሲደረግ 400 ይሆናል። አንዳንድ መምህራን 100 ወይም 500 ይላሉ። የትኛውን እንደሚፈልጉ ፈተናው ሳይደርስ ጠይቋቸው።

5 በመቶውም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። x ከ C 5 በመቶ ሲሆን በ x ላይ የሚመጣው ስህተት የዚያ ግማሽ ገደማ ነው፣ 2.5 በመቶ። pH ላይ ሲደርስ 0.01 ያህል ብቻ ነው። Ka ራሱ ብዙ ጊዜ በሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚሰጠን ከዚህ በታች ያለ ልዩነት አያስጨንቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። የሚጣለው ከ C ላይ የሚቀነሰው x ብቻ ነው። ላይ ያለው `x²` አይነካም። «ትንሽ ነው» ብሎ እሱን የጣለ ተማሪ የሚፈልገውን ራሱን ጣለ ማለት ነው።

ኳድራቲኩም የማያድንበት ቦታ

ልጅቷ ከገባት በኋላ የራሷን ጥያቄ አመጣች። «1.0×10⁻⁸ M ቢሆንስ ቲቸር?» ኳድራቲኩን ፈታችው፣ x = 1.0×10⁻⁸ ወጣ። pH 8። አሲድ ጨምረን ቤዝ አገኘን! እዚህ ላይ የተረሳው ውሃው ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹህ ውሃ ብቻውን 1.0×10⁻⁷ M `H+` አለው፣ ከአሲዱ አስር እጥፍ። x ወደዚህ ቁጥር ሲጠጋ ውሃውም ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ያህል የቀጠነ አሴቲክ አሲድ ሁሉም ተከፍሏል ማለት ስለሚቻል ቀመሩ ይህ ነው፦

```
h² − (1.0×10⁻⁸)·h − 1.0×10⁻¹⁴ = 0
```

h እዚህ ጠቅላላው `[H+]` ነው። ስትፈታው 1.05×10⁻⁷ አገኘች፣ pH 6.98። ከ7 በትንሹ በታች።