«የናሙናው መጠን ከየት መጣ?»፦ በአዳቃይ ነፍሳት ፕሮፖዛል ላይ የሚደጋገም ችግርና መፍትሄው

በእርሻ ማሳ ላይ ንብን፣ የአበባ ዝንብንና ቢራቢሮን ለመቁጠር የሚጻፉ አነስተኛ ፕሮፖዛሎች ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም እጄ ይገባሉ፤ አብዛኞቹ የሚደርሱኝ አንዴ ውድቅ ከተደረጉ በኋላ ነው። ዓላማውና የቅጹ አሞላል ደህና ነው ብዬ ልለፈው። የሚጥላቸው የናሙናና የበጀት አንቀጽ ነው።

ምልክት፦ ገምጋሚው «የናሙናው መጠን መነሻ ግልጽ አይደለም» ወይም «በጀቱ ከሥራው ጋር አይገናኝም» ብሎ መልሷል

መጀመሪያ የምፈልገው ሁለት ቁጥሮችን ነው፦ 384 እና 400። ከሁለቱ አንዱ ከተገኘ፣ ወይም ወደ 400 የሚጠጋ እንደ 394 ያለ ቁጥር ካለ፣ በሽታው ታውቋል።

መንስኤ

400 የሚመጣው ከያማኔ ቀመር ነው፦ `n = N / (1 + N e²)`። የስህተት ወሰኑ `e` 0.05 ሲሆንና ጠቅላላ ብዛቱ `N` በጣም ሲበዛ መልሱ ሁልጊዜ ወደ 400 ይጠጋል። 384 ደግሞ ከኮክራን ቀመር፣ ማለትም ከ`1.96² × 0.5 × 0.5 / 0.05²` ይወጣል። ሁለቱም የሚስማሙት «ከአባወራዎች ስንት በመቶው ምርጥ ዘር ይጠቀማል?» ለሚል የቤት ለቤት መጠይቅ ነው። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ አንዱ አባወራ ከሌላው ጋር አይያያዝም፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ከቀበሌ መዝገብ ይገኛል። ንብ ላይ ከሦስቱ አንዱም አይሠራም። የንቦቹን ጠቅላላ ብዛት የሚያውቅ የለም፤ የምንሰበስበው ቆጠራ ነው እንጂ አዎና አይደለም አይደለም፤ ኑግ ላይ ያየናቸው መቶ ንቦችም ምናልባት ከአንድ ቀፎ የወጡ ናቸው። አንድ ማሳ ላይ መቶ ንብ የቆጠረ ሰው ያለው ናሙና አንድ ማሳ ነው።

አንዱ የወረዳውን የገበሬዎች ብዛት `N` አድርጎ 394 አገኘና «394 ንቦች ይያዛሉ» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ አራት ማሳ መርጣ፣ በየማሳው አሥር የቆጠራ መስመር፣ ማለትም ትራንሴክት፣ ዘርግታ፣ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ለመቁጠር አቀደችና «የናሙና መጠን 400» አለች። ገምጋሚው ያየው ሁለት ማሳ ከሁለት ማሳ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ እውነቱም እሱ ነው። ከሁሉ የከፋው አንቀጹን ከጓደኛ የመመረቂያ ጽሑፍ የገለበጠው ነው። «የቤተሰብ ኃላፊዎች በዕጣ ይመረጣሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከነቢራቢሮው ሳይነካ ቀርቷል። እባካችሁ፣ ቢያንስ የምትገለብጡትን አንብቡ።

መፍትሄ

ጥያቄውን ወደ አንድ ንጽጽር አጥብቡ፣ ከዚያ ማሳን ቁጠሩ። የቅርቡን ምሳሌ ልውሰድ፦ በመርዓዊ ዙሪያ ያሉ የኑግ ማሳዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ አጠገብ ያሉትና ከአጸድ የራቁት፣ በንብ ጉብኝት ይለያያሉ ወይ? ኑግ ራሱን በራሱ በደንብ አያዳቅልም፣ ነፍሳት ያስፈልጉታል፤ ስለዚህ ጥያቄው ለገበሬውም ትርጉም አለው።

ለሁለት እኩል ቡድኖች፣ ልዩነት ካለ በ80 በመቶ ዕድል የማየት ኃይልና በ5 በመቶ የስህተት መጠን፣ የሚበቃው ቀመር ይህ ነው፦

```
n = 16 × SD² / d²
```

`n` በአንድ ቡድን የሚያስፈልገው የማሳ ብዛት ነው። `SD` በማሳና በማሳ መካከል ያለው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ `d` ደግሞ እንዳያመልጠን የምንፈልገው ትንሹ ልዩነት ነው። `SD`ን ከሙከራ ቆጠራ አምጡ። ስድስት ማሳ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ተቆጥሮ አማካዩ 12 ጉብኝት፣ `SD` 5 ወጣ እንበል። ጉብኝቱ በግማሽ ቢቀንስ ማየት እንፈልጋለን፤ `d` 6 ነው። 16 × 25 ÷ 36 ከ11 ትንሽ ይበልጣል፤ ወደ 12 ከፍ እናደርገዋለን። ሁለቱ ቡድኖች 24 ማሳ ሆኑ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንድ ማሳ ውስጥ በተደጋገሙ ቆጠራዎች መካከል ያለውን `SD` የሚያስገቡ አሉ፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ያንሳል፣ የማሳውንም ቁጥር በሐሰት ያሳንሳል። ሁለተኛው፣ አንድ አጸድ ዙሪያ አራት ማሳ መርጦ አራት ብሎ መቁጠር ነው፤ አሥራ ሁለት ማሳ ማለት አሥራ ሁለት የተለያየ አጸድ ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለማር ንብ የተሰላውን ቁጥር በመንጋ ለማይኖሩ ብቸኛ ንቦችም ይበቃል ማለት ነው። እነሱ ጥቂት ናቸው፤ `SD`ያቸው ከአማካያቸው ሊበልጥ ይችላል፤ ያኔ የማሳው ቁጥር ከአነስተኛ ድጋፍ አቅም በላይ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ አንድ ይሁን፤ የቀረው «ተጨማሪ መረጃ» ተብሎ ይጻፍ።

የገበሬውን ቀፎ አትርሱ! ራቅ ያለ ያላችሁት ማሳ ጓሮው ላይ አምስት ቀፎ ካለ ንጽጽሩ ገደል ገባ። ቀፎውን ቁጠሩና መዝግቡ።

በጀቱ ከዚሁ ቁጥር ይወለዳል። ኑጉ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሲያብብ እያንዳንዱ ማሳ ላይ ሦስት ጊዜ ብንሄድ 72 የመስክ ጉብኝት ነው። ቆጠራ የሚሠራው ፀሐይ ወጥታ ነፋሱ ሳይበረታ፣ በግምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ፣ ከመንገዱ ጋር በቀን አራት ማሳ ይደረሳል፤ 18 ቀን። ለዝናብና ለደመና አንድ አምስተኛ ጨምሩ፤ 22 ቀን። አበል በቀን 600 ብር ለሁለት ሰው፣ ሞተር ሳይክል ከነነዳጁ 900 ብር ብንል፣ በቀን 2,100፣ በጠቅላላ 46,200 ብር ነው። ገምጋሚው ከ24 ማሳ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ብር ድረስ በጣቱ ይከተለዋል። «የመስክ ሥራ፦ 50,000» ብሎ መጻፍ ግን ገንዘቡን ገምቼ ጣልኩ ማለት ነው።

የገንዘቡ ጣሪያ ዝቅ ካለ ብዙው ሰው መጀመሪያ ማሳ ይቆርጣል። በቡድን 8 ማሳ ብቻ ሲቀር የሚታየው ልዩነት ወደ 7 የንብ ጉብኝት፣ ማለትም ወደ 60 በመቶ ቅናሽ ይወጣል፤ የንቦቹ ጉብኝት በግማሽ ቢወድቅ እንኳ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ወደየማሳው የምትሄዱበትን ዙር ከሦስት ወደ ሁለት ማውረድ ይሻላል፦ 48 የመስክ ጉብኝት፣ 12 ቀን፣ ከዝናቡ ጋር 15 ቀን፣ 31,500 ብር። የየማሳው አማካይ ትንሽ ሸካራ ይሆናል፣ `SD`ም በመጠኑ ይጨምራል፤ ይህንኑ በግልጽ ጻፉት።

አንቀጹ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «የናሙና አሃዳችን ማሳ ነው። በስድስት ማሳ የሙከራ ቆጠራ አማካዩ 12፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 5 ሆኗል። የጉብኝት በግማሽ መቀነስን በ80 በመቶ ኃይል ለማየት በቡድን 12 ማሳ ያስፈልጋል። የመስክ ቀናትና አበል የተሰሉት ከዚሁ ነው።»

ምልክት፦ ለዝርያ መለያ የተያዘው ገንዘብ አልበቃም

በየጉብኝቱ ቢጫ፣ ነጭና ሰማያዊ ሳህን ከነሳሙና ውሃው አስቀምጦ የገባውን ሁሉ መሰብሰብ ርካሽ ይመስላል። በአንድ ጉብኝት አሥር ነፍሳት ብቻ ቢገቡ ከ72ቱ 720 ይሆናል፤ እያንዳንዱ መርፌ፣ መለያ ወረቀትና የባለሙያ ሰዓት ይፈልጋል። በዓይን የሚቆጠረውን በቡድን ለዩ (ማር ንብ፣ ሌላ ንብ፣ የአበባ ዝንብ፣ ቢራቢሮ)፣ ሳህኑን ለአንድ ዙር ብቻ ተጠቀሙ። ሳህን ስትገዙ ደግሞ ቀለሙ በጥፍር የሚላጠውን አትግዙ፤ ሁለተኛ ዙር ላይ ቢጫው ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

የጎረቤት ጤፍ ላይ የተረጨ ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ አረም በነፋስ መጥቶ ኑጉን ሊያቃጥል ይችላል፤ በየቡድኑ አንድ መጠባበቂያ ማሳ ያዙ።

ገንዘቡ ኅዳር ላይ የሚለቀቅ ከሆነ አበባው አልፏል፤ የሥራ ዘመኑን ወደ ሚቀጥለው መስከረም አዙሩት፣ ወይም ሰጪውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለባጃጅ ደረሰኝ የሚጠይቅ ፋይናንስ ካለ ኪራዩን በውል አድርጉት።