«ወረፋው ደህና ነው» እየተባለ ቅሬታው ሲበዛ

ምልክቱ

ለደንበኞች ደረሰኝ በኢሜይል የሚልክ ሲስተም አለ እንበል። ጠዋት ወረፋው ላይ 400 ሥራ ነበር፣ ማታም ያው 400 ነው። ለሥራ አስኪያጁ «አልጨመረም፣ ደህና ነን» ብለን ጻፍን። ስልኩ ግን ማቆሚያ አጣ። «ደረሰኜ ከጠፋ 3 ሰዓት አለፈው» የሚል ሰው በዝቷል።

መንስኤው

ብዛት ስንት ሥራ እንደቆመ ይናገራል። የትኛው ሥራ ምን ያህል እንደቆየ ግን አይናገርም። እስቲ እናስላው። በደቂቃ 50 ሥራ ይገባል፣ 50 ተጠናቆ ይወጣል። 400 ለ50 ሲካፈል 8 ነው። አንድ ሥራ በአማካይ 8 ደቂቃ ያህል ጠብቆ መውጣት አለበት ማለት ነው። ከሁሉ የቆየው ሥራ ዕድሜ ግን 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይላል።

ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ ሲራራቁ ችግሩ የአቅም ማነስ አይደለም። አብዛኛው ሥራ እየሄደ ጥቂቱ ተቀርቅሯል። እዚህ ጋ የተበላሸ አድራሻ ያላቸው 12 ሥራዎች ይሞከራሉ፣ ይከሽፋሉ፣ ተመልሰው ይሰለፋሉ። ሰርቨር መጨመር ለእነሱ ምንም አይፈይድም።

መፍትሄው

የሙከራውን ቁጥር ገድቡ፣ ለምሳሌ 5። ከዚያ በላይ የከሸፈውን ወደ ተለየ ወረፋ አውጡትና ሰው ይየው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ሥራው ተመልሶ ሲሰለፍ ሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ ዕድሜው ሁሌም ትንሽ ይመስላል። መጀመሪያ የገባበትን ሰዓት ያዙ። የአማዞን SQS ተጠቃሚዎችም ልብ በሉ፦ በመደበኛው ወረፋ ከ3 ጊዜ በላይ ተወስዶ ያልተጠናቀቀ መልእክት `ApproximateAgeOfOldestMessage` ውስጥ አይቆጠርም። ሁለተኛው፣ «ወጣ» ተብሎ የሚቆጠረው የተጠናቀቀው ብቻ ይሁን። የከሸፈ ሙከራ ከተደመረበት ፍጥነቱ ያለ ሐቁ ያምራል።

ብዛቱ ራሱ እየጨመረ ከሆነስ?

ያ ሌላ በሽታ ነው። በደቂቃ 50 እየገባ 40 ብቻ ከወጣ፣ በሰዓት 600 ይከማቻል። አሁን 1,200 ላይ ደርሷል እንበል። መውጫውን ወደ 60 ብታሳድጉት በደቂቃ 10 ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ለመጽዳት 2 ሰዓት ይፈጃል። አለቃ የሚፈልገው ይህችን 2 ሰዓት ነው፣ ግራፉን አይደለም። አዝማሚያውን ስትጽፉም ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ጋር አነጻጽሩ። የሰኞ ጠዋትን ከእሁድ ማታ ጋር ማወዳደር ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል።

ለመጀመሪያው ችግር እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምልከው፦

«ወረፋው ላይ 400 ሥራ አለ፣ ካለፈው ማክሰኞ አልተለወጠም። በደቂቃ 50 ገብቶ 50 ይወጣል፣ አብዛኛው ደንበኛ በ8 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። 12 ሥራዎች ግን ተቀርቅረዋል፤ የቆየው 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆኖታል። ለይተን አውጥተናቸዋል፣ አድራሻቸው እስከ 10 ሰዓት ይስተካከላል። ተጨማሪ ሰርቨር አያስፈልግም።»