የክሊኒክ ቀጠሮ ማስታወሻን በ70 ፊደል እንዴት መጻፍ ይቻላል?

በአማርኛ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት አንዱ 70 ቦታ ብቻ አለው። ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ ነጥቡና ክፍት ቦታው ሁሉ ይቆጠራል። በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ይሆን ነበር። በላቲኑ መካከል አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ሂሳቡም የሁለት መልእክት ይሆናል።

ድሬዳዋ ውስጥ በከዚራና ከደቻቱ ማዶ በመጋላ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው የጥርስ ክሊኒክ አለ እንበል። ጸሐፊዋ እንዲህ ጻፈች፦

```
ውድ ታካሚያችን በ9/3 በ3:00 የሕክምና ቀጠሮ ስላለዎት በክሊኒካችን እንዲገኙ በአክብሮት እናስታውሳለን።
```

67 ቦታ ነው፤ በአንድ መልእክት ገብቷል። ትሕትናውም አይጎድለውም። ታካሚው ግን መቼና የት እንደሚሄድ አልተነገረውም።

መጀመሪያ ቀኑን ያስተካክሉ። 9/3 ለእኛ ኅዳር 9 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነብ ግን ማርች 9 ነው። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፣ የሳምንቱንም ቀን ይጨምሩ። ማክሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ማክሰኞ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ቁጥር ቢሳሳት ታካሚው ልዩነቱን አይቶ ይደውላል። «ነገ» የሚለውን ቃል ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ስልኩ ተዘግቶ ያደረ ሰው መልእክቱ የሚደርሰው በማግስቱ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ይብሳል። የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ የተሞላ ሰው 3:00ን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲባል ግን ሁለተኛ ትርጉም የለውም፤ ሁለት ነጥቡና ዜሮዎቹም ይቀራሉ።

ቦታውን በሰፈር ስም ይጥሩት። «ክሊኒካችን» የሚለው ቃል ሁለት ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት አድራሻ አይሆንም። በመጨረሻም የሚደወልበትን ቁጥር ያስገቡ፤ መልእክቱ ከአጭር ቁጥር ከተላከ ታካሚው መልሶ መደወል ላይችል ይችላልና። ሰላምታውና «በአክብሮት» የሚለው ወጥተው ለዚህ ሁሉ ቦታ ይለቃሉ፦

```
ማክሰኞ ኅዳር 9 ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከዚራ ጥርስ ክሊኒክ፣ ክፍል 4። ካልተመቸዎት በ09xxxxxxxx ይደውሉ።
```

ይህ 68 ነው። የሕመሙን ዓይነት መጥቀስ ለጥርስ ብዙም አያሳስብም። ሌላ ሕመም ከሆነ ግን የክፍሉን ቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ በብዙ ቤት አንዱን ስልክ እናትም ልጅም ጎረቤትም ያነሳዋል።

ከመላክዎ በፊት በአንድ አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ይሞክሩት። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ፣ እንዲህ ያለ ስልክ ላላቸው ታካሚዎች መደወል ይሻላል። ከዚያም ስለ ቀጠሮው ምንም ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለጥበቃው፣ ያሳዩትና «መቼ፣ የት ልሂድ?» ብለው ይጠይቁት። «የትኛው?» ብሎ ከመለሰ ያ ቃል ይቀየር።